ለክሊኒካችን ዲዛይነር ምን ብለን እንጻፍለት?

(ድሬዳዋ ውስጥ ለጤና ተቋም ባለቤቶችና ለወጣት ዲዛይነሮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ።

አዲስ ክሊኒክ የሚከፍት ሰው ከዲዛይነር ጋር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። «ዘመናዊ ሎጎ ሥራልን፤ ሰማያዊ ይሁን፤ እባቧም ትግባበት፤ ለሳምንት ይድረስልን።» ዲዛይነሩ ሦስት አማራጭ ሠርቶ ይልካል። ሦስቱም ያምራሉ። ሦስቱም ግን ሐዋሳ ላለ ክሊኒክም፣ ጎንደር ላለ ክሊኒክም ይሆናሉ። ባለቤቱ «ደስ ይላል፣ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል» ይላል። ምን እንደጎደለው መናገር አይችልም። ዲዛይነሩም አያውቅም። እንዲህ እየተባባሉ ክሊኒኩ ይከፈታል።

ዛሬ የማወራው ይህን ስለሚያስቀር ወረቀት ነው፤ ለዲዛይነር ስለሚሰጥ የሥራ መግለጫ። ዲዛይነሮች ብሪፍ ይሉታል፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ። በጥቅሉ ከማወራ አንድ ብሪፍ ይዤ ልግባ። ክሊኒኩ መካከለኛ ክሊኒክ ነው። የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና ላይ ያተኩራል። ቦታው ከደቻቱ ወዲያ፣ በመጋላ በኩል ነው። ገና ስላልተከፈተ ስሙን አልጠራም። ባለቤቷ ሐኪም ናት። ዲዛይነሩ አዲስ አበባ ሆኖ በግሉ የሚሠራ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ ድሬን ግን አያውቃትም። ስለዚህ ወረቀቱ ከተማዋን ጭኖ መሄድ ነበረበት።

የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ተገልጋዮች አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «ሁሉም የድሬዳዋና የአካባቢዋ ነዋሪ»። ለማመልከቻ ይሆን ይሆናል። ለዲዛይነር ግን ምንም አይነግረውም። እኔ ዶክተሯን የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነው። በከፈትሽ በመጀመሪያው ወር፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሩን ከፍቶ የሚገባው ማን ነው?

አሰበችና አንድ በአንድ ነገረችኝ። አንዷ መጋላ የምትኖር እናት ናት፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ታቅፋለች። ቤቷ የምታወራው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ነው። አማርኛ ትሰማለች። ብቻዋን አልመጣችም፤ አማቷ አብረዋት አሉ። የት እንደሚኬድ የወሰኑትም እሳቸው ናቸው። ሌላዋ ቀፊራ የምትነግድ ሴት ናት። ጠዋት ገበያዋን ጥላ አትመጣም። ቀትር ላይ ደግሞ ከተማው በሙቀቱ ያርፋል። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፣ ለአዲስ አበባው ልጅ ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ የምትመጣው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ሦስተኛዋ ከዙሪያው ገጠር የመጣች ነፍሰ ጡር ናት። ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ብር ትቆጥራለች፣ ስልክ ትደውላለች።

አራተኛው ታካሚ አይደለም፤ የባጃጅ ሹፌሩ ነው። ዶክተሯ እሱን አላሰበችውም ነበር። ግን ይህችን ነፍሰ ጡር በሩ ላይ የሚያደርሳት እሱ ነው። እሱ ደግሞ በቤት ቁጥር አይሄድም። የሚሄደው ሰው በቃል በሚነግረው ምልክት ነው።

ከእነዚህ አራት ሰዎች ብሪፉ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ገቡ። መፍትሔ አላልኩም፤ መፍትሔው የዲዛይነሩ ሥራ ነው። አንደኛ፣ የክሊኒኩ ፊት ለፊት በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር በቃል ሊነገር የሚችል መለያ ይኑረው፤ በሦስቱም ቋንቋ። በሩ ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይወቀው። ሁለተኛ፣ ይህ መለያ በአመሻሽ ብርሃን ይታይ። ሦስተኛ፣ ውስጥ ያሉት ክፍሎች በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በትልቅ ቁጥርና በቀለም ይለዩ። ካርድ ክፍል 1፣ ምርመራ 2፣ ላቦራቶሪ 3። ያን ጊዜ ነርሷ «3 ቁጥር ሂጂ» ማለት ትችላለች። ቁጥሩ ለሦስቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ማንበብ ለማትችለውም ይሠራል።

ስለ ክሊኒኩ ማንነት ደግሞ ረቂቁ «ሙያዊ፣ ታማኝ፣ ዘመናዊ» ይል ነበር። ሰረዝነው። ሙያዊ አይደለሁም የሚል ክሊኒክ አይቼ አላውቅም። በቅጽል ፋንታ ክሊኒኩ የሚያደርገውን እንጻፍ ተባባልን። ዋጋ ከምርመራ በፊት ይነገራል፤ የዋጋ ዝርዝሩ እንግዳ መቀበያው ላይ ተለጥፏል። ሴት ሐኪም ሁልጊዜ አለች። ማታ እስከ አራት ሰዓት ክፍት ነው። ዲዛይነር እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ እጁ ይፈታል። ለምሳሌ የዋጋ ዝርዝሩ ከሎጎው እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ሥራ መሆኑ የገባው ከዚህ መስመር ነው።

ምን መምሰል እንደሌለበትም ተጽፏል። የሀብታም ቤት መምሰል የለበትም። ወርቃማ ፊደል፣ ጥቁር መስታወት፣ የሚያንጸባርቅ እብነ በረድ ይቅርብን። የቀፊራዋ ነጋዴ ይህን ስታይ «ይሄ ለእኔ አይደለም» ብላ ነው የምታልፈው። ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ሳትጠይቅ ታልፋለች።

የአነጋገር ነገርም አለ። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም መቀራረብ ነው። ሌላ ከተማ ያደገ ሰው ይደነግጣል። ታዲያ ግድግዳ ላይ ስንጽፍስ? ብሪፉ «እናንተ» በሚለው ይሁን ብሎ ወሰነ፤ «ቁጥር ይዛችሁ ተቀመጡ» እንደማለት። አዛውንቱም አይቀየሙም፣ ወጣቱም አይርቅም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ክፍል ልምጣ፣ ወደ ገደቦቹ። እኔ ከብሪፉ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ጥሩ ዲዛይን የሚወጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ከቦርዱ እንነሳ። ለፊት ለፊቱ የተፈቀደው ቦታ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ዶክተሯ ስሙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ፣ ሦስቱም እኩል ሆነው እንዲጻፉ ትፈልጋለች። ትክክል ናት፤ ሰፈሩ ሦስቱንም ይናገራል። ሰው ቦርዱን ማየት የሚጀምረው ከመንገዱ መታጠፊያ ነው። ለካነው፤ 40 ሜትር ያህል ነው።

የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት የፊደሉ ቁመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን ይላሉ። 40 ሜትር ከሆነ 33 ሴንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። ይህ ልኬት ለላቲን ፊደል የወጣ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ባሰ እንጂ አይቀልም። ሱን ከሲ የሚለየው ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። መሃል ላይ ከሆነች ሱ፣ ታች ከሆነች ሲ። ፊደሉ ቀጭንና ትንሽ ከሆነ ያቺ ጭረት ከሩቅ ትጠፋለች። ስለዚህ ከ33 መውረድ አይቻልም።

ሦስት መስመር በ33 ስንት ነው? 99 ሴንቲ ሜትር። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲጨመር ቦርዱ አለቀ። ፈቃዱ ላይ ያለው ደረጃ፣ ማለትም «መካከለኛ ክሊኒክ» የሚለው፣ መግቢያ አጣ። ስልክም የለም፣ የሥራ ሰዓትም የለም። ይህ ሒሳብ ብሪፉ ላይ ካልተጻፈ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዲዛይነሩ ሁሉንም አሳንሶ ያስገባዋል። ኮምፒውተሩ ላይ በጣም ያምራል። መንገድ ላይ ግን አይነበብም።

መውጫው የተገኘው ከስሙ ነው። ኦሮምኛም ሶማልኛም በላቲን ነው የሚጻፉት። ስሙ በሁለቱም አንድ ዓይነት ፊደል የሚይዝ ከሆነ አንድ የላቲን መስመር ለሁለቱም ይበቃል። ግን ወጥመድ አለው። ኤክስ የምንለው ፊደል በኦሮምኛ «ጠ» ነው፤ በሶማልኛ እንደ ዐረብኛው ሐ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነው። ሲ የምንለው በኦሮምኛ «ጨ» ሲሆን በሶማልኛ እንደ ዐረብኛው ዐይን ይነበባል። ስለዚህ ስሙ ውስጥ «ጠ» ወይም «ጨ» ካለ አንዱ ወገን በትክክል ያነበዋል፤ ሌላው ምን ብሎ እንደሚጠራው እግዜር ይወቅ። ዶክተሯ ከያዘቻቸው ስሞች አንዱ በዚህ ምክንያት ወደቀ። የቀረው አጭር ነው፤ በፊደል አራት ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ያነበዋል።

አሁን ሁለት መስመር ሆነ፤ አንዱ በፊደል፣ አንዱ በላቲን፣ እያንዳንዱ 33 ሴንቲ ሜትር። 66 ያዘ። ከቀረው 54 ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው። በሌላው ላይ ደረጃውና የሥራ ሰዓቱ በ8 ሴንቲ ሜትር ፊደል በሦስቱም ቋንቋ ይሰፍራል። 8 ሴንቲ ሜትር ከ10 ሜትር ገደማ ይነበባል። ያ ደግሞ ሰው ባጃጅ የሚወርድበት ቦታ ነው። ከሩቅ ስሙን አየ፣ ሲቀርብ ቀሪውን አነበበ።

ሌላም የቦርድ ጉዳይ አለ። ሁለቱን መስመሮች እኩል የሚያደርገው ዓይን እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመጠን ቁጥር አይደለም። በአንድ ቁጥር የተጻፈ ፊደልና ላቲን አንዱ ገዝፎ ሌላው አንሶ ሊታይ ይችላል። እዚህ ከተማ ውስጥ የማን ቋንቋ አነሰ የሚለው ወሬ ከቦርዱ በፊት ይሰማል። ስለዚህ «እኩልነቱ ተሰቅሎ ሲታይ ይለካ» የሚል ቃል ብሪፉ ላይ አለ። የትርጉም ጽሑፉን የሚያቀርበውም ክሊኒኩ ነው። ቋንቋውን በሚጽፍ ሰው አስነብቦ፣ በጽሑፍ ይልካል። ዲዛይነሩ ከኢንተርኔት እንዲፈልግ አይተውም። ኦሮምኛ ላይ አንድ ፊደል መደረብ የነበረበት ሳይደረብ ቢቀር ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል።

ፀሐዩን ደግሞ እንዳትረሱት። ቦርዱ ወደ ምዕራብ ይመለከታል፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን የድሬን ፀሐይ ይቀበላል። በማተሚያ ቀለም የታተመ ባነር ላይ መጀመሪያ የሚለቁት ቢጫውና ቀዩ ናቸው። ብርቱካንማ የሚባለው ከሁለቱ የሚቀላቀል ስለሆነ ቶሎ ይገረጣል። በየመንገዱ የምታዩአቸው የፈዘዙ ሰማያዊ ባነሮች ሁሉ ሰማያዊ ሆነው አልተወለዱም። ስለዚህ ብሪፉ ዋናውን ቦርድ ባነር አይሁን ይላል። ቀለም የተቀባ ብረት ወይም አሉኮቦንድ ይሁን፤ ፊደሉም ተቆርጦ ይለጠፍ። የሚያብለጨልጭ ነጭ አይሁን፤ ቀትር ላይ ዓይን ይወጋል፤ አቧራውም ይጎላበታል። መብራት ይኖረዋል፣ ግን መብራት በሌለበት ማታም በመንገዱ ብርሃን መነበብ አለበት።

ቀጥሎ የምልክቱ ጉዳይ ነው። ቀይ መስቀል አይቻልም። የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ክልክል ነው። በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ እ.ኤ.አ. በ1949 በወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቁ ምልክቶች ናቸው። በጦርነት ጊዜ የቆሰሉትንና የሚያክሟቸውን እንዳይመቱ የሚለዩ ናቸው። የግል ድርጅት ለንግዱ ሊጠቀምባቸው አይችልም፤ አስመስሎ መሥራትም አይፈቀድም። የተዘጋጁ ሥዕሎች የሚሸጡባቸው ድረ ገጾች ላይ «ሕክምና» ብላችሁ ስትፈልጉ ግን መጀመሪያ የሚመጣላችሁ እሱ ነው። ዲዛይነሩ ካልተነገረው ያነሳዋል። አረንጓዴ ቢያደርገው ደግሞ ሰው ፋርማሲ ነው ብሎ ያልፋል።

ሕጉ ባይኖር እንኳ እኔ አልመክርም ነበር። መስቀል ብትሰቅሉ ግማሹ ከተማ የእኔ ቤት አይደለም ይላል። ጨረቃ ብትሰቅሉ ሌላው ግማሽ። ምልክቱ ሃይማኖታዊ አይደለም ብሎ ማስረዳት ይቻላል፤ ግን በየበሩ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው አንቀጥርም። በዚሁ ምክንያት የክልልም ሆነ የፓርቲ ባንዲራ የሚያስታውስ የቀለም ጥምረት ብሪፉ ላይ ተከልክሏል።

እባቧስ? አንዲት እባብ በበትር ላይ የተጠመጠመችበት የጥንት ግሪኮች የሕክምና አምላክ የአስክሊፒዮስ ምልክት ነው። ክንፍና ሁለት እባብ ያለው ግን የሄርሜስ ነው፤ እሱ ደግሞ የነጋዴዎች አምላክ ነበር። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1902 ሁለት እባብ ያለውን ወሰደና ስህተቱ ዓለምን አዳረሰ። ባቡሩ ድሬ የደረሰበት ዓመት ነው፣ እንዲያው ነገሩን ለመናገር ያህል። ባለ ሁለት እባቡን የለጠፈ ክሊኒክ ካያችሁ የንግድ ምልክት ነው የለጠፈው። ዶክተሯ እባቡን ተወችው፤ ምክንያቷ ግን ታሪክ አይደለም። «ከገጠር የምትመጣዋ እናት እባብ የምታውቀው በእርሻዋ ላይ ነው» አለች።

አሁን የምነግራችሁ ገደብ ዲዛይነሩን በጣም ያስገረመው ነው። ሎጎው የማይታይባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ብሪፉ ላይ አለ። ዲዛይነር የለመደው ሎጎውን በሁሉም ነገር ላይ ማድረግ ነው፤ ከረጢት፣ እስክሪብቶ፣ ኮፍያ። ክሊኒክ ግን ሱቅ አይደለም። ለወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የመጣች ሴት የቀጠሮ ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትገባለች። ቤት ያለ ሰው ያንን ካርድ ሊያየው ይችላል። ካርዱ ላይ «የቤተሰብ ምጣኔ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ወይም የየአገልግሎቱ ካርድ በቀለም የሚለይ ከሆነ፣ ክሊኒኩ ሚስጥሯን ራሱ አወጣው ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አትመጣም። ለምን እንደቀረችም ማንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ ብሪፉ እንዲህ ይላል፦ የቀጠሮ ካርድ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ፊት ለፊቱ ስም፣ ቀንና የክሊኒኩ ስልክ ብቻ አለው። አገልግሎቱ በውስጥ ኮድ ይጻፋል። የመድኃኒት ከረጢቱ ምንም ያልተጻፈበት ተራ ወረቀት ነው። ውስጥ ያሉት የክፍል ቀለሞች በር ላይ ይቀራሉ፤ ከግቢው ውጭ ይዘውት በሚወጡት ወረቀት ላይ አይደገሙም። የታካሚ ፎቶ ለማስታወቂያ አይውልም። የተገዛ የፈረንጅ ሐኪም ፎቶም አይሰቀልም። ሴት ሐኪም አለች ብለን የማናውቃትን ሴት ፎቶ መስቀል ምን ይባላል?

ከዚያ ማህተሙ። አገራችን ያለ ማህተም አትሄድም፤ የሕመም ፈቃድ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ደረሰኝ፣ ሁሉም ማህተም ይፈልጋል። ክቡ ማህተም ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያውን ስሙ ይይዘዋል። ለሎጎው መሃል ላይ የሚቀረው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ በአንድ ቀለም። ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚለወጥ ሎጎ እዚያ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ብሪፉ ዲዛይነሩ መጀመሪያ ማህተሙን እንዲልክ ያዛል። ትንሹ ላይ ከቆመ ትልቁ ላይ አያስቸግርም።

ስለ ርክክቡ በአጭሩ ልበል። ሥራው መጠኑ ቢቀየር በማይበላሽ ፋይል ይሰጥ፤ SVG እና PDF ይበቃል። ፊደሎቹ በ Unicode ይጻፉ። በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለው ማተሚያ ቤት ሲደርስ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ለማተሚያ የሚሄደው ቅጂ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ የተለወጠ ይሁን። የሥራው ባለቤትነት ክፍያው ሲያልቅ ወደ ክሊኒኩ እንደሚዛወር በውሉ ላይ ይጻፍ። እርማቱ ስንት ዙር እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ቢሆን ምን እንደሚከፈል ይጻፍ። ያለውን በጀት ደግሞ አትደብቁ። ብር ስትደብቁ ዲዛይነሩ የማትችሉትን ቦርድ ሠርቶ ያሳያችኋል። እናንተም በልባችሁ እሱን ይዛችሁ ሌላውን ሁሉ ትጠላላችሁ።

ማን ይወስናል የሚለውም መልስ ያስፈልገዋል። በዚህ ብሪፍ የምትወስነው ዶክተሯ ናት፤ አንድ ሰው። ወንድሟ፣ ባለአክሲዮኑና የጎረቤት ልጅ አስተያየት መስጠት ይችላሉ፤ ለእሷ ይነግሯታል እንጂ ለዲዛይነሩ አይደውሉም።

ሥራው ተቀባይነት ያገኘ የሚባለውም «ደስ አለኝ» ሲባል አይደለም። ማህተሙ ተቀርጾ ይመታል፤ የተመታው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፤ ኮፒው እንደገና ኮፒ ይደረጋል። ስሙ ከተነበበ አለፈ። የቦርዱ ስም በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ታትሞ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና አመሻሽ ላይ ከመታጠፊያው ይታያል። ሰፈሩን የሚያውቅ የባጃጅ ሹፌር በአጠገቡ እንዲያልፍ ይደረግና ለሌላ ሹፌር ቦታውን በስልክ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። የሚናገረው ዲዛይነሩ ያሰበውን መለያ ካልሆነ፣ ትክክለኛው መለያ ሹፌሩ የተናገረው ነው። እሱን አጠንክሮ መሥራት ነው።

ቅድም አንድ ልጅ ከኋላ ብሪፉ ስንት ገጽ ይሁን ብሎ ጠይቆኛል። የዚህ ክሊኒክ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። አንዱን ገጽ የያዙት የግድግዳው ልኬትና ከመታጠፊያው ማታ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው።